ሰባት መቶ ስምንት ኩንታል

ቁጡ ነኝ። ይህን የሚክድልኝ ሰው የለም፤ እናቴም በሕይወት ሳለች አልካደችልኝም። ጎንደር ላይ በእርዳታ እህል ማከፋፈያ ጽሕፈት ቤት አሥራ ሁለት ዓመት ታይፒስት ሆኜ ሠርቻለሁ። በዚያ ዘመን ሦስት ኃላፊ ተቀያይሮብኛል፤ ከሦስቱም ጋር ተጣልቻለሁ። ስለዚህ በ1981 ዓ.ም. መጋቢት ላይ ለታከለ የጻፍኩት የመጀመሪያ ደብዳቤ ሁለት መስመር ብቻ መሆኑ አይግረማችሁ።

«ታከለ፣ ማሽንህ ይዋሻል። ሰው ሊያስገድል ነው፤ ናና አርመው። ይርገዱ።»

ታከለ የአዲስ አበባ ሰው ነው። ቀን መንግሥት መሥሪያ ቤት ይውላል፤ በትርፍ ጊዜው ደግሞ ኮምፒዩተር ለገዛም ለተሰጠውም መሥሪያ ቤት በግሉ ፕሮግራም ይሠራል። ፈረንጆች ኮምፒዩተር በእርዳታ ሲሰጡን የሚያስነሣት ሰው ጠፍቶ ሁለት ወር በላስቲክ ተሸፍና ከቆየች በኋላ፣ ኃላፊያችን ጓድ ባዬ በሰው በሰው አፈላልጎ አስመጣው። ቀጭን፣ ትሑት፣ ሲናገር መነጽሩን የሚነካካ ሰው ነው። ፈቃድ ወጥቶ ዘጠኝ ቀን እኛ ዘንድ ተቀመጠ። ፕሮግራሙን ጻፈ፤ የዘጠኝ መጋዘኖችን ገቢና ወጪ እኔ እያየሁ ራሱ አስገባ፤ የቀሩትን አምስቱን ለእኔ ትቶ በአውሮፕላን ተመለሰ። ሲሄድ «ችግር ከገጠመሽ ጻፊልኝ» አለኝ። ምን ችግር ሊገጥመኝ ይችላል ብዬ ሳቅሁ እንጂ!

ሥራው ቀላል ነው። ለእያንዳንዱ መጋዘን ሁለት መስመር አለ፤ አንዱ ከሐምሌ እስከ የካቲት የገባው እህል፣ ሌላው በዚያው ጊዜ የወጣው። ማሽኗ እያንዳንዱን መስመር ትደምርና ከገቢው ላይ ወጪውን ቀንሳ መጋዘኑ ውስጥ ስንት ኩንታል መገኘት እንዳለበት ታትማለች። ያንን ቆጣሪ ኮሚቴ ሄዶ ካገኘው ጋር ማስተያየት ነው። አምስቱን መጋዘን በአንድ ቀን ከምሳ በፊት ጨረስኩ። በከተማው እንደ እኔ ፈጣን ታይፒስት የለም፤ ይህን የምለው ለጉራ አይደለም፤ ጣቶቼን አላያቸውም።

ወረቀቱ ሲወጣ የድብ ባሕር መጋዘን ሰባት መቶ ስምንት ኩንታል ጎደለበት።

ማሽኗ ሰባት መቶ ሃምሳ አራት ኩንታል መኖር አለበት አለች፤ ኮሚቴው ቆጥሮ ያገኘው አርባ ስድስት ነው። ሌሎቹ አራቱ እኔ ያስገባኋቸው መጋዘኖች ደግሞ ትርፍ አሳዩ። ትርፍ ሲወጣ ማን ይጠይቃል? ጓድ ባዬ ወረቀቱን በዚያው ቀን ፈርሞ ለበላይ አካል ላከው፤ በማሽን የተሠራ የመጀመሪያው ሪፖርት በስሙ እንዲሄድ ቸኩሎ ነበር። በሦስተኛው ቀን የድብ ባሕሩን መጋዘን ጠባቂ አያ ሰጠኝን እጁን የፊጥኝ አስረው አመጡት።

ያን ጊዜ ትግራይ ከመንግሥት እጅ ወጥታለች። ወታደር በየመንገዱ ነው፤ ወሬው ሁሉ አማፂዎቹ ነገ እኛ ዘንድ ይደርሳሉ ነው። እንዲህ ባለ ጊዜ ከመንገድ ዳር መጋዘን ሰባት መቶ ስምንት ኩንታል ስንዴ ጠፋ ማለት ሌብነት አይባልም። «ለወንበዴ አቀበለ» ነው የሚባለው። አያ ሰጠኝ ወደ ጦር ፍርድ ቤት እንዲላክ ተወሰነ፤ ቀኑም ተቆረጠ፤ ከሦስት ሳምንት በኋላ ያለው ዓርብ። ወደዚያ የተላከ መጋዘን ጠባቂ ሲመለስ አይቼ አላውቅም።

ሚስቱ እማዋይሽ በነገታው በእህል መኪና ተጭና መጣች። በጽሕፈት ቤታችን በር ላይ ካለው ድንጋይ ላይ ተቀመጠች፤ ከዚያ ወዲያ ተነሺ ቢሏት አልነሣ አለች። እኔ ስገባና ስወጣ ቀና ብላ ታየኛለች። አንድ ቀን «ልጄ፣ የሰጠኝን ነገር የጻፈችው ማሽን እዚያ ውስጥ ናት አሉ» አለችኝ።

«አዎ፣ እዚያ ናት።»

«ምነው አስገብተሽ አታገናኚኝም? ምን አድርጓት ነው? ሰጠኝ ሠላሳ ዓመት አብሮኝ ሲኖር አንዲት እፍኝ የሰው እህል አላነሣም።»

ምን ልበላት? አልፌያት ገባሁ። ገብቼ ግን መሥራት አልቻልኩም። የድብ ባሕርን የወጪ ደረሰኞች፣ እኛ ሞዴል ሃያ ሁለት የምንላቸውን፣ አወጣሁና በእርሳስ ደመርኳቸው። ሁለት ሺሕ ሰማንያ አራት። ገቢው ሁለት ሺሕ አንድ መቶ ሠላሳ። ሲቀነስ አርባ ስድስት። አርባ ስድስት! ቆጣሪ ኮሚቴው ያገኘው ማለት ነው። ደገምኩት። ሰለስኩት። ከሰውየው መጋዘን አንዲት ኩንታል አልጎደለችም።

ወረቀቱን ይዤ ወደ ጓድ ባዬ ሮጥኩ። አየው፤ መልሶ ገፋልኝ።

«በእጅ ነው የደመርሽው?»

«በእጄ ነዋ! በእግሬ ልደምረው?»

«ይርገዱ፣ ይህ ሕዝብ ሲሰረቅ የኖረው በእጅ በተደመረ ነው። ማሽኗ የመጣችው ለዚህ ነው። እሷ ለማን ብላ ትዋሻለች? ዘመድ አላት?»

«እኔስ ለማን ብዬ እዋሻለሁ?»

አተኩሮ አየኝ፤ ስለ ምን እንደሚያስብ አወቅሁ። ወንድሜ አዘዘ ከሦስት ዓመት በፊት ከቤት ወጥቶ አልተመለሰም። ሥራ ፍለጋ ሄደ እላለሁ፤ ሁሉም ጫካ መግባቱን ያውቃል፤ ማኅደሬም ውስጥ ተጽፏል። እኔ ለአያ ሰጠኝ አብዝቼ ከተሟገትኩ የሚባለው ይታወቃል። ወጥቼ በሩን ደርግሜ ዘጋሁት፤ ከዚያ በላይ የምችለው ነገር አልነበረም።

ለታከለ ያቺን ሁለት መስመር የጻፍኩት በዚያ ሰዓት ነው። ወደ አዲስ አበባ በምትበር አንዲት ነርስ እጅ ላክሁት። መልሱ በአምስተኛው ቀን መጣ፤ ሳነበው ደሜ ፈላ።

«እህት ይርገዱ፣ "ይዋሻል" ማለት ለእኔ ምንም አይነግረኝም። የትኛው መስመር ነው? ምን ብለሽ አስገባሽ? ምን መውጣት ነበረበት? ምን ወጣ? ልክ የሆኑትስ የትኞቹ ናቸው? ሁልጊዜ ነው ወይስ አንዳንዴ? እኔ ያስገባኋቸው ዘጠኙ መጋዘኖች ልክ ከሆኑ ግን ፕሮግራሙ ልክ ነው።»

ሰው ሊሞት ነው እያልኩት ፈተና ይፈትነኛል! ደብዳቤውን ጨምድጄ ጣልኩት። ትንሽ ቆይቼ ደግሞ አንሥቼ ዘረጋሁት፤ ሌላ ማን አለኝ? ጥያቄዎቹ እንደሆኑ የሚመለሱ ናቸው። ሁሉንም መስመር በእጄ መደመር ጀመርኩ፤ ሁለት ቀን ፈጀብኝ። ከዚያ የድብ ባሕርን ወጪ ሰርዤ እንደገና አስገባሁት። ያው ስሕተት። ማሽኗን አጠፋሁ፣ አበራሁ፣ አስገባሁ። ያው።

በአራተኛው ሙከራ ላይ ጓድ ባዬ ከኋላዬ ቆሞ ነበር።

«አሁንም በዚያ ነገር ላይ ነሽ?»

ተነሥቼ ወንበሩን ለቀቅኩለት። «በሉ እርስዎ ይጻፉት። ስምንት ቁጥር ነው። እርስዎ ካስገቡትና ያው ከወጣ፣ ቁስቋምን ታቦቷን ጠርቼ እምላለሁ፣ ሁለተኛ አፌን አልከፍትም።»

ሊቆጣ ነበር፤ ግን ማሽኗን መንካት ይወዳል፤ ተቀመጠ። በአንዲት ጣቱ፣ እያንዳንዷን ቁልፍ ፈልጎ ፈልጎ፣ ላብ እስኪያጠምቀው አስገባ። ድምሩ ወጣ። 2084።

እንደገና እኔ ተቀምጬ ያንኑ አስገባሁ። 1376።

«ምን አደረግሽባት?» አለኝ በሹክሹክታ።

«ምን አደርግባታለሁ! አጠገቤ ቆመው አይተውኝ የለ?»

እጁን ሰድዶ ማብሪያዋን ጠረቀመው። «ሪፖርቱ በፊርማዬ ሄዷል» አለ። «ይህን ያየ የለም። አንቺም አላየሽም፤ እኔም አላየሁም።» ወጥቶ ሄደ። እውነቱን አሁን እሱም እያወቀው ዝም ሊል መሆኑ ከሁሉ ይልቅ አስፈራኝ። ያን ቀን የጻፍኩት ሁለተኛው ደብዳቤ ይኸውና፤ ቅጂውን አስቀምጬው ነበር።

«ለወንድም ታከለ። የጠየቅኸኝን በተራ እመልሳለሁ፤ ከዚህ በኋላ ግን ፕሮግራሙ ልክ ነው የሚል ቃል እንዳልሰማ።

መስመሮቹ ሃያ ስምንት ናቸው። ሁሉንም በእጄ ደምሬያለሁ። አንተ ያስገባሃቸው አሥራ ስምንቱ ልክ ናቸው። እኔ ካስገባኋቸው አሥሩ ውስጥ ሰባቱ ስሕተት ናቸው፤ ሦስቱ ልክ። ስሕተቱ ሁልጊዜ ወደ ታች ነው፤ በዝቶ የወጣ ድምር አንድም የለም።

ምሳሌ ልስጥህ። የመጋዘኑን ስም አልጠራም፤ ለምን እንደሆነ ይገባሃል። የወጪው መስመር 215፣ 340፣ 180፣ 260፣ 318፣ 405፣ 290፣ 76 ነው። መውጣት የነበረበት 2084። የወጣው 1376። የዚያው መጋዘን ገቢ 400፣ 350፣ 500፣ 280፣ 600 ነው፤ ድምሩ 2130 ወጣ፤ ልክ ነው። ወጪው በ708 ስላነሰ ማሽኗ ያ ሁሉ እህል መጋዘኑ ውስጥ አለ ብላ ታስባለች። ሰውየው የታሰረው ለዚህ ነው።

ቁጥሮቹ በመስታወቷም በወረቀቱም ላይ እኔ እንዳስገባኋቸው ይታያሉ፤ የሚበላሸው ድምሩ ብቻ ነው። ማሽኗን አጥፍቼ አብርቼ አራት ጊዜ ደግሜዋለሁ። አራቱንም ጊዜ 1376። አንዳንዴ አይደለም፤ ሁልጊዜ ነው።

አሁን በምነግርህ አትሳቅ። ይህንኑ መስመር ኃላፊዬ በአንድ ጣቱ ሲያስገባው 2084 ወጣ። ወዲያው እኔ ሳስገባው 1376። ማሽኗ እኔን ትጠላኛለች? ያበድኩ እንዳይመስልህ፤ ሁለታችንም አጠገብ ለአጠገብ ሆነን አይተናል። የቀረን ዘጠኝ ቀን ነው። ቶሎ በል እባክህ። ይርገዱ።»

«እባክህ» የሚለውን ለማንም ጽፌ አላውቅም።

አምስት ቀን አለፈ። በየቀኑ እማዋይሽን በበሩ አልፌ እገባለሁ፤ አልፌ እወጣለሁ። መጠየቋን ትታለች፤ ታየኛለች ብቻ። ሌሊት እንቅልፍ የለኝም፤ ቁስቋም ካለችው ክፍሌ እስከ ሥራ ቦታዬ ስሄድ እግሬ ወደ ኋላ ይጎትተኛል። ማክሰኞ ጠዋት ከቴሌ የጥሪ ወረቀት መጣልኝ፤ አዲስ አበባ በአራት ሰዓት ይፈልግሻል ይላል። ፒያሳ ወደ ቴሌ ስሮጥ ጫማዬ አንድ ጊዜ ወልቆብኛል።

ከስልኩ ሳጥን ውስጥ ገብቼ በሩን ዘጋሁ። የታከለ ድምፅ ከጉድጓድ የሚመጣ ይመስላል።

«ይርገዱ፣ ደብዳቤሽ ሸጋ ነው። ሁሉም ነገር አለበት። አንድ ነገር ልጠይቅሽ፤ አትቆጪ።»

«በል ጠይቅ።»

«ታይፕ የት ነው የተማርሽ?»

«ምን አገባህ ታይፕ የት እንደተማርኩ! ሰው...»

«ይርገዱ፣ ጊዜ የለንም። አንድ ቁጥርን በየትኛው ጣትሽ ነው የምትመቻት?»

ምን ዓይነት ጥያቄ ነው? ስልኩን በትከሻዬ ያዝኩና እጆቼን ፊቴ ባለችው ጣውላ ላይ አሳረፍኩ፤ ሁለት መቶ አሥራ አምስት ብዬ በባዶው መታሁ። ጣቶቼ ከእኔ ይልቅ ያውቁታል። «በቀኝ እጄ በቀለበት ጣቴ» አልኩት።

«ከመካከለኛው ረድፍ?»

«አዎ።»

«እዚያ ያለችው እኮ የእንግሊዝኛዋ ኤል ናት።»

«እሷ ናታ! ትንሿ ኤል። አንድ የሚጻፈው በእሷ አይደል እንዴ! የእንግሊዝኛዋ የጽሕፈት መኪና የአንድ ቁልፍ የላትም፤ የላይኛው ረድፍ የሚጀምረው ከሁለት ነው። ኮሜርስ ያስተማሩን...»

«የጽሕፈት መኪናዋ የላትም» አለኝ ቀስ ብሎ። «ኮምፒዩተሯስ?»

አሥራ ስምንት ዓመት ሙሉ አንድን በኤል ስጽፍ ኖሬያለሁ። ወረቀት ላይ ያው ቀጥ ያለች ጭረት ናት፤ አንድም ሰው ኤል ናት ብሎኝ አያውቅም፤ እንደኔ ያለ ታይፒስት ሁሉ እንዲሁ ነው የሚጽፍ። የኮምፒዩተሯን ቁልፎች ደግሞ አላየኋቸውም፤ ታይፒስት ቁልፍ አታይም፤ የምንኮራው በዚህ ነው። ጓድ ባዬ ግን እያየ፣ እየፈለገ ነው የመታ። እሱ እውነተኛዋን አንድ አገኛት።

«ማሽኗ ኤልን ከአንድ ለይታ ነው የምታውቅ» አለኝ ታከለ። «ፕሮግራሙ ያስገባሽውን እንዳለ ይቀበልና ለመደመር ሲል ከግራ ጀምሮ ቁጥር ያነባል፤ ፊደል ሲያገኝ እዚያው ያቆማል። 215 ስትዪ ሁለትን አነበበ፤ ኤል አገኘ፤ ቆመ። ሁለት ኩንታል አላት። 180 ከመጀመሪያው ኤል ነው፤ ዜሮ። 318 ሦስት ሆነች። ሌሎቹ አንድ የለባቸውም፤ አልተነኩም።»

ሁለት መቶ አሥራ ሦስት፣ አንድ መቶ ሰማንያ፣ ሦስት መቶ አሥራ አምስት። ደመርኩት። ሰባት መቶ ስምንት። አያ ሰጠኝን ያሰረችው የእኔ ጣት ናት።

«ጥፋቱ የእኔም ነው» አለ ታከለ። «ፊደል ሲያይ "ይህ ቁጥር አይደለም" ብሎ መመለስ ነበረበት። ዝም ብሎ እንዲያልፍ አድርጌ መጻፍ አልነበረብኝም።»

«እሱን ጻፍልኛ! ፈርመህ ላክልኝ!»

ጉሮሮውን ሲጠርግ ሰማሁት።

«ታከለ!»

«ይርገዱ፣ እኔ የመንግሥት ሠራተኛ ነኝ። ወደ እናንተ የመጣሁት አባቴ ታመመ ብዬ ፈቃድ ወጥቼ ነው። በግሌ እንደምሠራ ከታወቀ፣ በዚያ ላይ የጦር ፍርድ ቤት ነገር... ስሜን አታንሺ። በእናትሽ። ሁለት ልጆች አሉኝ።»

ልሳደብ አፌን ከፈትኩ። ስልኩ ተቋረጠ፤ ሦስት ደቂቃው አልቆ ነበር። በዚያች ጠባብ ሳጥን ውስጥ ቆሜ ቀረሁ፤ ውጭ ያለው ሰው በሩን እስኪያንኳኳ ድረስ አልወጣሁም።

ወደ ጽሕፈት ቤቱ ስመለስ በልቤ መንገድ እየፈለግሁ ነበር። ዝም ብል ሰውየው ዓርብ ይሄዳል። ማሽኗ ተሳሳተች ብል ጓድ ባዬ አይቀበልም። ሰው ተሳሳተ ካልኩ ሰውየው ማነው ይባላል፤ እኔ ነኝ። ወንድሟ ጫካ ያለ ታይፒስት የመንግሥትን የእህል ቁጥር አበላሸች፣ አራት መጋዘን ላይም ትርፍ ፈጠረች። ይህንን ሳቦታጅ፣ ሆን ብሎ ማበላሸት፣ ነው የሚሉት፤ የጣቴ ልማድ ነው ብል ማን ያምነኛል? የትኛውንም መንገድ ብመርጥ የሚታሰር ሰው አለ። ፈራሁ።

እማዋይሽ በሩ ላይ ነበረች። ፊቴን አይታ ተነሣች።

«ምን ሰማሽ?»

አልፌያት ልገባ ነበር። ለምን እንደቆምኩ አላውቅም። «አልጎደለም» አልኳት። «ከአያ ሰጠኝ መጋዘን አንዲት ኩንታል አልጎደለም። ተገኘ።»

እጇን ወደ አፏ አደረገች። «ማን ነው ያጠፋው ታዲያ?»

«እኔ ነኝ።»

በጥፊ አለችኝ። ዓይኔ እሳት ረጨ። ዘበኛው ሊገላግል ሲመጣ በእጄ ከለከልኩት። እማዋይሽ እንደገና እጇን አነሣች፤ ከዚያ መልሳ አወረደችውና ክንዴን ጭምድድ አድርጋ ያዘችኝ፤ የገበሬ እጅ ነው፤ ያማል።

«ሂጅና ጻፊዋ!» አለችኝ። «ምን ቆመሽ ታዪኛለሽ? ጻፊው!»

እየጎተተችኝ ገባን። ጓድ ባዬ ቢሮ ስንደርስ ሳታንኳኳ በሩን ገፋችው። ሁሉንም ነገርኩት፤ ኤሏን፣ አንዷን፣ ሰባት መቶ ስምንቱን። ማሽኗ ዘንድ ወስጄ እያየ አሳየሁት፤ በኤል ስመታ 1376፣ በአንድ ስመታ 2084። ወንበሩ ላይ ተዝለፈለፈ። ገባው፤ ነገሩ እንዳይካድ ሆኖ ገባው። ብቻውን ቢሆን ኖሮ እንደገና አላየሁም ይል ነበር፤ አሁን ግን እማዋይሽ ከራሱ በላይ ቆማለች፤ በበሩም ሠራተኛው ተሰብስቧል።

ትንሽ አሰበና ነጭ ወረቀት ሳበ። ድምፁ ለሰለሰ።

«ይርገዱ፣ ለምን ራስሽን ታሳስሪያለሽ? ያ የአዲስ አበባው ሰው ነው ያበላሸው። ፕሮግራሙን ሆን ብሎ አሳስቶ ጻፈ በይ። እዚህ የሚያውቀው የለም፤ ውል የለው፣ ማኅተም የለው። ስሙን ጻፊ፤ እኔ እፈርምበታለሁ፤ ሰጠኝም ነገ ይፈታል። አንቺም ቤትሽ ትገቢያለሽ።»

እስክሪብቶውን በእጄ አስያዘኝ። እውነት ልንገራችሁ፤ ልጽፍ ነበር። ታከለ ስልኩ ላይ ሲለማመጠኝ የተናደድኩት ንዴት ገና አልበረደልኝም። እሱ እዚያ ተቀምጦ፣ እኔ እዚህ! ጥፋቱ የእኔም ነው ብሎ በአፉ ተናግሯል። «ታ» የምትለዋን ፊደል ጽፌ ነበር።

«ይህ ሰውዬ ማነው?» አለች እማዋይሽ።

«ማሽኗን ያስነሣት ነው» አልኳት።

«እሱ ነው ያጠፋው?»

«ትንሽ። ሆን ብሎ ግን አይደለም።»

«ሚስት አለችው?»

«ሁለት ልጆችም አሉት።»

ጻፊም አትጻፊም አላለችኝ፤ ባሏ የሚፈታበት ወረቀት ነው፤ እንዴት ትከልክለኝ? ግን ሦስት ሳምንት ያህል በዚያ ድንጋይ ላይ ተቀምጣ ያየኋት እኔ ነኝ። «ታ»ዋን በሁለት ጭረት ሰረዝኳት፤ ከሥሯ እንዲህ ብዬ ጻፍኩ። «የድብ ባሕር መጋዘን ወጪ ሲገባ አንድ ቁጥርን በእንግሊዝኛ ፊደል የመታሁት እኔ ታይፒስት ይርገዱ ነኝ። ሌላ ማንም የለበትም። መጋዘን ጠባቂ ሰጠኝ አንድም ኩንታል አላጎደለም።» እማዋይሽ ማንበብ ስለማትችል ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ሁለተኛ ጊዜ አንብቢው አለች፤ አነበብኩት። ከዚያ ፈረምኩ።

ጓድ ባዬ ወረቀቱን ሲቀበለኝ ዓይኔን አላየም። «አበድሽ» አለ። «በአዘዘ ላይ ይህ ሲጨመር ምን እንደሚሆን ታውቂያለሽ።»

«አውቃለሁ» አልኩት።

አያ ሰጠኝ ሐሙስ ከምሳ በኋላ ተፈታ። እኔን ያን ዕለት ዘጠኝ ሰዓት ላይ ከጠረጴዛዬ ወሰዱኝ፤ ቦርሳዬን እንኳ አላስያዙኝም። ያለሁባት ክፍል ዐሥራ አንድ ሴቶች አሉባት፤ በተራ ነው የምንተኛው። ስንት ዓመት እንደምቆይ የሚነግረኝ ቀርቶ ስለ ጥፋቴ በወጉ የጠየቀኝም አልነበረም። ጠያቂ አይመጣልኝም ብዬ ቆርጬ ነበር፤ እናቴ የለች፣ ወንድሜ የለ፤ የመሥሪያ ቤት ሰው ደግሞ ይፈራል።

ቅዳሜ ጠዋት ዘበኛው ስም ሲጠራ «ይርገዱ» አለ። የተሳሳተ መሰለኝ፤ ሁለተኛ እስኪጠራ ድረስ አልተነሣሁም። ከአጥሩ ማዶ እማዋይሽ ቆማለች። ከድብ ባሕር በሌሊት ተነሥታ ነው የመጣችው፤ ነጠላዋ አቧራ ለብሷል። በጨርቅ የተቋጠረ ዳቦ ለዘበኛው ፈትሾ እንዲሰጠኝ አቀበለችው።

«አያ ሰጠኝ እንዴት ነው?» አልኳት።

«ያሳለዋል። እጁ አልታጠፍ ብሎታል። ሌሊት ይባንናል።»

እንባዬ መጣ። «እትዬ እማዋይሽ፣ እግዜር ይስጥሽ፣ ይህን ሁሉ መንገድ...»

«ይቅር ያልኩሽ እንዳይመስልሽ» አለች፤ ድምጿ እንደዚያን ቀኑ ነው፤ ቁጣው አልወጣላትም። «ይቅር አላልኩሽም። ለሚመጣው ቅዳሜ ምን ላምጣልሽ?»